«ሥራ ይዞኝ ነው» ብላችሁ አትጻፉ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ዕድሜው ከልጄ የማይበልጥ የሂሳብ ባለሙያ፣ ስልኩን ዘርግቶ «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን እዩልኝ፣ ልልክላት ነው» አለኝ። የእጮኛው አባት ሙት ዓመት ነበር፤ እሱ ግን ቢሮ ዋለ። የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «የኔ ቆንጆ፣ በጣም ይቅርታ። ሥራ ይዞኝ ነው። ልደውልልሽ ነበር፣ አልተመቸኝም። ካስቀየምኩሽ ይቅር በይኝ።»

አነበብኩና ዝም አልኩ። ይህን ደብዳቤ አውቀዋለሁ። በ1998 ዓ.ም. እኔም ጽፌዋለሁ።

ያኔ እዚሁ ሐዋሳ የአንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሂሳብ የሠራ ሰው ሰኔ 30 ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ መጋዘን ይቆጠራል፣ ከካርድና ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል። በዚያ ዓመት ሰኔ 30 ዓርብ ዋለ። በማግስቱ ቅዳሜ ሐምሌ 1 ደግሞ ባለቤቴ ትመረቃለች። አምስት ዓመት በማታው ክፍለ ጊዜ ነው የተማረችው፤ ቀን ሥራ ውላ፣ ልጃችንን አብልታ ትወጣና ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ትመለሳለች፣ ክረምት ከሆነ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በባዶ እግሯ ነው የምትገባው።

ለእኔ የዲላው መጋዘን ደረሰኝ። ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓርብ ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ቆጠራው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ። ቢን ካርዱ 412 ጆንያ ቡና ይላል፣ እኛ የቆጠርነው 398 ነው። 14 ጆንያ የለም። የመጋዘኑ ኃላፊ ላብ አጠመቀው። እንደገና ቆጠርን፣ ያው 398። እዚያው አደርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀት ማገላበጥ ጀመርን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተገኘ። 14 ጆንያ ወጪ የተደረገበት አንድ ሞዴል 22 በሌላ ጥራዝ ውስጥ ገብቶ ካርዱ ላይ ሳይመዘገብ ቀርቷል። የተሰረቀ ነገር የለም። ምረቃው ስድስት ሰዓት ላይ አልቆ ነበር።

እሁድ ማታ፣ አታናግረኝም ነበርና፣ ደብዳቤ ጻፍኩ። ገጽ ተኩል። ቢን ካርዱን፣ ሁለተኛውን ቆጠራ፣ የሰውየውን ድንጋጤ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩት። መጨረሻው ላይ «ሥራ ይዞኝ ነው እንጂ ልቤ እዚያ ነበር» አልኩ። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ስለ ቡናው ነው የጻፍክልኝ» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ቋንቋችን ጥፋተኛውን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቀስ አድርጎ የሚያወጣበት መንገድ አለው። «ሥራ ያዘኝ» ስትሉ ያዡ ሥራው ነው፣ እናንተ ተያዥ ናችሁ። «አመለጠኝ» ስትሉ ያመለጠው በዓሉ ነው። «መሸብኝ»፣ «አልተመቸኝም»፣ «አልሞላልኝም»፣ «ተረሳኝ»፤ ሁሉም ላይ አንድ ነገር በእናንተ ላይ ደረሰ እንጂ እናንተ ምንም አላደረጋችሁም። በየቀኑ የምንናገራቸው ቃላት ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም። ለቀጠሮ የዘገየ ሰው ቢላቸው ማንም አይቀየምም። በይቅርታ ደብዳቤ ላይ ግን የምትወዱት ሰው የሚፈልገው «እኔ» የሚለውን ነው። ስለዚህ የጻፋችሁትን አንሡና ግሶቹን አንድ በአንድ እዩ። አድራጊው ማነው? ሥራው፣ መንገዱ፣ ስልኩ፣ አለቃው ከሆነ ሰርዙና «አልመጣሁም» ብላችሁ ጀምሩ። «መምጣት አልቻልኩም» እና «አልመጣሁም» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን የምትጽፉት በእርግጥ ካልቻላችሁ ብቻ ነው።

እኔ ችዬ ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤ ያልጻፍኩት ይህንን ነው። ዓርብ ማታ ለአለቃዬ ደውዬ ጉድለቱን ስነግረው «ነገ ምረቃ አለብህ አይደል? አሽገው፣ ሰኞ ትጨርሰዋለህ» ብሎኛል። ጎህ ሲቀድ ብነሣ በሰዓቱ እደርስ ነበር። ገጽ ተኩል ሙሉ ስለ ጆንያ ጽፌ ይህችን አንዲት መስመር ዘለልኳት። ደብዳቤያችሁ ሲረዝም ተጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ ርዝመቱ የሚመጣው ከአንድ ነገር ዙሪያውን ስለምንሄድ ነው።

ሌላው የጎደለኝ፣ የጻፍኩት ምን እንዳደረግኩባት ሳላውቅ ነበር። እኔ የመሰለኝ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ ዋለ ብቻ ነው። ሰኞ እህቷ መጥታ ነገረችኝ። እናቷ ከይርጋለም በጠዋት መጥተው ነበርና «ባልሽስ?» ሲሏት «መንገድ ላይ ነው፣ መኪና ተበላሽቶበት ነው» አለች። አክስቷ ጠየቁ፣ ያንኑ መለሰች። የሥራ ጓደኞቿ ጠየቁ፣ ያንኑ። ፎቶ አንሺው «ባለቤትሽ ይምጣና» ሲላት «እንጠብቀው» ብላ ጋዋኗን እንደለበሰች ፀሐይ ላይ ቆማ፣ በኋላ ወንድሟ በእኔ ቦታ ገብቶ ተነሡ። አያችሁ፣ የጎዳኋት መቅረቴ ብቻ አይደለም። በራሷ ቀን ስለ እኔ ስትዋሽ ዋለች። ይህን የማይጠቅስ ደብዳቤ ምንም ያህል ቢያምር ሌላ ነገር ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት እዚያ የነበረ ሰው ጠይቁ። ማን ስለ እናንተ ጠየቀ? ምን ብላ መለሰች? በእናንተ ቦታ ማን ቆመ?

ሁለተኛውን የጻፍኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ወረቀቱን አሁንም አስቀምጣዋለች፣ ፈቅዳልኝ ነው የምገለብጠው፦

«ቅዳሜ ምረቃሽ ላይ አልመጣሁም። መምጣት እችል ነበር። ዓርብ ማታ አለቃዬ አሽገህ ሂድ፣ ሰኞ ትጨርሳለህ ብሎኝ ነበር። ይህን መጀመሪያ አልጻፍኩልሽም። ጉድለቱ በስሜ እንዳይነሣ ፈርቼ ነው ያደርኩት። ለድርጅቱ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ብዬ ነው።

እናትሽ ሲጠይቁሽ መኪና ተበላሽቶበት ነው ብለሽ እንደመለስሽ ሰማሁ። አምስት ዓመት የለፋሽበት ቀን ላይ ለእኔ ምክንያት ስትፈልጊ ዋልሽ። ፎቶ ለመነሣት ጸሐይ ላይ ቆመሽ እንደጠበቅሽኝም ሰማሁ። አጠፋሁ።

ትናንት ይርጋለም ሄጄ እውነቱን ለእናትሽ ነግሬያቸዋለሁ። ሁለተኛ አይደገምም ብዬ አልምልልሽም፣ ሰኔ 30 በየዓመቱ አለ። ቀን ሲጋጭብኝ ባወቅኩበት ሰዓት እነግርሻለሁ። ዛሬ መልስ እንድትሰጪኝ አልጠይቅሽም።»

ከመጀመሪያው በጣም ያጥራል። «ግን» የለበትም፣ «ካስቀየምኩሽ» የለበትም። «ካ» የምትለዋን ፊደል ተጠንቀቋት፤ መቀየሟን ታውቃላችሁ፣ ታዲያ «ካስቀየምኩሽ» ብሎ መጠራጠር ምንድነው? «ይቅርታ» የሚለውም ቃል የለም፣ አስቤበት ነው የተውኩት። ታክሲ ውስጥ እግር ስንረግጥ የምንለው ቃል ነው። «ይቅር በይኝ» ደግሞ ትእዛዝ ነው፣ ሥራውን ወደ እሷ ያዞረዋል። «አጠፋሁ» ግን ከእሷ ምንም አይጠይቅም።

አንድ ስህተት ግን አለበት፣ እሱን እንዳትደግሙት። ለእናቷ ስነግር እሷን አላማከርኳትም። እኔ ሸክሟን ያወረድኩላት መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን «እማዬ ፊት ውሸታም አደረግከኝ» አለችኝ። ሐቋ ነው። የእናንተን ጥፋት ስታስተካክሉ የእሷን ነገር የሚነካ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለዚህም ነው ሽማግሌ ወይም ጓደኛ ቶሎ አትላኩ የምለው፤ የሁለታችሁን ጉዳይ እሷ ሳትፈቅድ ሦስተኛ ሰው ጆሮ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ እሷም ሽማግሌ አክብራ እሺ ትላለች፣ ውስጧ ግን እዚያው ነው። ስጦታም ከደብዳቤው ጋር አታጣብቁ፣ ዋጋ የከፈላችሁ ያስመስላል።

«እኔስ በእውነት ባልችልስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የማውቃት አንዲት ነርስ አለች። የባሏ ወንድም ሰርግ ቀን ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆና ቀረች፣ ጥላ መውጣት አትችልም ነበር። የጻፈችለት ስለ በሽተኞቹ ነው፣ ሁሉም እውነት ነው፣ እሱ ግን ጭራሽ ባሰበት። ፈረቃው መቼ እንደተቀየረ ጠየቅኳት። ሐሙስ። መቼ ነገርሽው? እሁድ ጠዋት፣ ሱፉን ለብሶ ሲጠብቃት። ሦስት ቀን ሙሉ «ምናልባት የሚቀይረኝ ሰው ይገኝ ይሆናል» ብላ ዝም አለች። እንግዲህ የእሷ ጥፋት በሽተኛ ማከሟ አይደለም፣ ያ ሦስት ቀን ነው። «ሐሙስ አውቄ እሁድ ነገርኩህ» ብላ እንደገና ጻፈችለት። ሥራችሁ በእርግጥ ካስቀራችሁም ያወቃችሁበትንና የተናገራችሁበትን ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ጥፋታችሁ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ሙት ዓመቱ ላይ ንፍሮውን ማን እንዳዞረ፣ ወንድ የሌለበት ቤት ውስጥ ድንኳኑን ማን እንዳስተከለ ታውቃለህ ወይ አልኩት። አላወቀም። መልእክቱን አጠፋውና ለታናሽ እህቷ ሊደውል ወጣ።

ባለቤቴ ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ ሦስት ቀን ምንም አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም፣ ጽፌላት የለ። በአራተኛው ቀን ማታ ቡና አፍልታ ተቀመጠችና ስኒውን እየሰጠችኝ «ይሄ ሞዴል 22 የምትለው ግን ምንድነው?» አለችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት፣ ሁለተኛውና በረካው እስኪደርሱ ድረስ አወራን።