ለቀጣሪ የጻፋችሁትን መልእክት ከመላካችሁ በፊት

ሥራ በመፈለግ ላይ ላላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ማመልከቻ ካስገባችሁ በኋላ ለቅጥር ባለሙያው በሊንክድኢን፣ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ስለምትጽፉት አጭር መልእክት ልጽፍላችሁ ፈለግሁ። ሲቪያችሁን አሥር ጊዜ ታርማላችሁ፤ ይህችን መልእክት ግን በአንድ ትንፋሽ ጽፋችሁ ትልካላችሁ። ብዙ ጊዜ መልስ የሚያስቀረው የችሎታ ማነስ ሳይሆን የመልእክቱ አጻጻፍ ነው። ነገሩ እንዲታያችሁ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሊጽፈው የሚችል ረቂቅ እነሆ፤

«ጤና ይስጥልኝ። በቅድሚያ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ፤ ካስቸገርኩ ይቅር ይበሉኝ። ከተወሰነ ጊዜ በፊት ለወጣው ቦታ አመልክቼ ነበር። በዘርፉ በቂ ልምድ አለኝ፤ የተለያዩ ሥራዎችንም ሠርቻለሁ። ማመልከቻዬ ደርሶ ይሆን? ደመወዙ ስንት ነው? የሥራ ቦታው የት ነው? ፈተና አለው? ከቤት መሥራት ይቻላል? ጥሪ የሚደረገው መቼ ነው? ባጭር ጊዜ ውስጥ ሥራ መጀመር እችላለሁ። በድጋሚ ስላስቸገርኩ ይቅርታ።»

ረቂቁ ጨዋ ነው፤ ስድብ የለበት፣ ትዕቢት የለበት። ግን ሦስት ጊዜ ይቅርታ ተጠይቆበታል፣ ስድስት ጥያቄ ተደርድሮበታል፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነና ለየትኛው ሥራ እንዳመለከተ ደግሞ አንድም ቦታ አልተነገረም።

ከይቅርታው እንጀምር። እኛ ዘንድ ይሉኝታ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ማስቸገር ይከብደናል። ይሁን እንጂ የማመልከቻ ጥያቄ መመለስ የቅጥር ባለሙያ ሥራ ስለሆነ እናንተ ያጠፋችሁት ጥፋት የለም። ሌላም ጉዳት አለው። መልእክት ስልክ ላይ ሲገባ ሳይከፈት የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው፤ በዚህ ረቂቅ ላይ የሚታየው «በቅድሚያ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ» የሚለው ነው። ያቺን ውድ መስመር ይቅርታው በላት። አንባቢው ስለ ሥራው ነው ወይስ ብድር ሊጠየቅ ነው የሚለውን አያውቅም።

ማረሚያው ቀላል ነው። እያንዳንዱን የይቅርታ ዓረፍተ ነገር በጣታችሁ ሸፍናችሁ የቀረውን አንብቡ። የጎደለ መረጃ ከሌለ ሰርዙት። ስትሰርዙ ግን አክብሮቱን አብራችሁ እንዳትሰርዙት ተጠንቀቁ። «ጤና ይስጥልኝ»፣ «እርስዎ»፣ «አመሰግናለሁ» ይቆዩ፤ እነዚህ ሰላምታና ምስጋና እንጂ ይቅርታ አይደሉም። ይቅርታ የፈራ አንዳንዱ ወጣት ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ «ውጤቱን አሳውቁኝ» ብሎ ትእዛዝ ይጽፋል፤ እሱም አይሆንም። በእርግጥ ያጠፋችሁት ካለ፣ ለምሳሌ በቀጠሮ ሰዓት ስልክ ካላነሳችሁ፣ ይቅርታ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ወዲያውም መፍትሔውን አስከትሉ፤ «ትናንት ስልክዎን ባለማንሳቴ ይቅርታ። ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ በማንኛውም ሰዓት አነሳለሁ።»

ወደ ደብዛዛ ቃላቱ ስንመጣ፣ መፈተኛው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ሌላ አመልካች ምንም ሳይለውጥ ሊልከው ይችላል ወይ? «በቂ ልምድ አለኝ» የሚለውን ነርሷም፣ ሹፌሩም፣ መሐንዲሱም ሊልኩት ይችላሉ። «ለወጣው ቦታ» ሲባል ደግሞ ያ ባለሙያ በአንድ ጊዜ አምስትና ስድስት ክፍት የሥራ ቦታ ይዞ ሊሆን ይችላል። የእናንተን ለማግኘት ኢሜይሉን መፈተሽ ሊኖርበት ነው፤ መፈተሽ ያለበት መልእክት ደግሞ «ቆይቼ አየዋለሁ» ተብሎ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የቦታውን ስም በማስታወቂያው ላይ እንደተጻፈው፣ ያመለከታችሁበትን ቀንና መንገድ ጻፉ። ልምዳችሁን በዓመትና በእጃችሁ በምትሠሩት ሥራ ግለጹ።

«ባጭር ጊዜ ውስጥ መጀመር እችላለሁ» የሚለው ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። አሁን ሥራ ላይ ካላችሁ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ክሊራንሱም የራሱን ቀን ይወስዳል። «ባጭር ጊዜ» ስትሉ ቀጣሪው ሰኞ ትመጣላችሁ ብሎ ቢያቅድና እናንተ ወር ብትጠይቁ፣ ቅር የሚሰኝባችሁ መጨረሻ ላይ ነው። ቁጥሩን አሁኑኑ ንገሩት። ሰዓትና ቀንም እንደዚሁ ነው። ዱባይ ላለ ባለሙያ «በ3 ሰዓት» ብትሉት ከሰዓት በኋላ ይመስለዋል፤ 9:00 AM ብላችሁ የማን አገር ሰዓት እንደሆነ ጨምሩ። ኅዳር 10 ቀን 2018 ለእሱ November 19, 2025 ነው።

ጥያቄዎቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስድስት ጥያቄ ባንድ ላይ የደረሰው ሰው ስድስቱንም አይመልስም። ደመወዙን ለመናገር ኃላፊውን መጠየቅ አለበት፤ ከቤት ስለመሥራት የሚወስነው የክፍሉ አለቃ ነው። ሁለቱ ስላልተሟሉለት፣ በአንድ ቃል ሊመልሰው ይችል የነበረውን «ማመልከቻዬ ደርሶ ይሆን?» የሚለውንም ከነሱ ጋር ያሳድረዋል። በቀላሉ የሚመለሰው በከባዱ ታሰረ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዎቹን ለዩአቸው። የሥራ ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያው ላይ ስለሚጻፍ፣ መጠየቁ ማስታወቂያውን አላነበበም ያሰኛል። ደመወዝ፣ ፈተና እና ከቤት መሥራት ለቃለ መጠይቅ ጥሪ እስኪመጣ ይቆዩ፤ «ደመወዝ በስምምነት» የሚል ከሆነ ያኔ የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ ብላችሁ ጠይቁ። ጥሪው መቼ እንደሚደረግም አሁን አትጠይቁ። ለዛሬ የሚቀረው አንድ ነው፤ «ማመልከቻዬ ደርሶ ይሆን?» የሚለው። ቀድሞ የጻፈላችሁ ባለሙያው ራሱ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ደመወዙን በመጀመሪያው መልስ መጠየቅ ነውር የለውም፣ የሁለታችሁንም ጊዜ ያተርፋል።

የጥያቄ ምልክት ብቻ እየቆጠራችሁ እንዳትታለሉ። «ስለ ጥቅማጥቅሙም ቢያብራሩልኝ» ምልክት ባይኖረውም ጥያቄ ነው። «መቼና የት» ደግሞ ሁለት ነው።

እንግዲህ ረቂቁ ሲታረም እንዲህ ይሆናል፤

«ጤና ይስጥልኝ። ለሲኒየር አካውንታንት የሥራ ቦታ ኅዳር 10 በኢሜይል አመልክቻለሁ። በአስመጪ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት በሒሳብ ሠርቻለሁ፤ የወር ሒሳብ እዘጋለሁ፣ ባንክ ሪኮንሲሌሽን እሠራለሁ፣ የቫት ሪፖርት አዘጋጃለሁ፤ የምጠቀመው ፒችትሪ ነው። ብመረጥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ እጀምራለሁ። ማመልከቻዬ ደርሶ እንደሆነ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ።»

ከታች ሙሉ ስማችሁና ስልካችሁ ይግባ። አሁን የመጀመሪያዋን መስመር ያየ ሰው ለምን እንደተጻፈለት ያውቃል፤ «ደርሶናል» ብሎ ለመመለስም ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ፊት ለፊት ለዚያ ሰው ለመናገር የሚከብዳችሁ ዓረፍተ ነገር ካለ እሱን እንደገና ጻፉት። አንድ ሳምንት ቆይቶ መልስ ካልመጣ፣ እዚያው መልእክት ሥር ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ «ጤና ይስጥልኝ። ኅዳር 10 ስላስገባሁት የሲኒየር አካውንታንት ማመልከቻ አዲስ ነገር ካለ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ።» እዚህም «በድጋሚ ስላስቸገርኩ» የምትለው ቃል ተመልሳ እንዳትገባ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የምትመለሰው በሁለተኛው መልእክት ላይ ነው።