ሚዲያን እና የከርቩ ጭራ፦ ስለ ካንሰር ጥናት ጥያቄና መልስ

ከማራኪ፦ ሚዲያን 10 ወር ከተባለ ታማሚው 10 ወር ብቻ ነው የሚኖረው?

መልስ፦ አይደለም። ከታማሚዎቹ ስንት በመቶው በየወሩ በሕይወት እንዳለ የሚያሳየው የግራፍ መስመር ከርቭ ይባላል፤ ከ100 በመቶ ይነሣና ሰው በሞተ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ከ50 በመቶ ላይ ወደ ቀኝ አግድም መስመር ይሳቡ፤ ከርቩን ከነካበት ቀጥ ብለው ወርደው ወሩን ያንብቡ። ሚዲያኑ እሱ ነው፤ ግማሹ ሰው የሞተበት ጊዜ። የቀረው ግማሽ ስንት ጊዜ እንደኖረ ግን አይናገርም። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመውን አይፒሊሙማብ የተባለ መድኃኒት ጥናት ይዩ። ሜላኖማ የተባለ የተሰራጨ የቆዳ ካንሰር ኖሮባቸው መድኃኒቱን ብቻ የወሰዱት ሚዲያናቸው 10.1 ወር፣ ማነጻጸሪያውን ክትባት ብቻ የወሰዱት 6.4 ወር ነበር። ልዩነቱ አራት ወር አይሞላም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወረቀቱን ያጥፋል። ኋላ የበርካታ ጥናቶች ታማሚዎች አንድ ላይ ሲታዩ ግን ከርቩ ከሦስተኛው ዓመት ገደማ ጀምሮ 20 በመቶ አካባቢ መውረዱን አቆመ። ትልቁ ዜና የከርቩ መጨረሻ፣ ጭራው ላይ ነበር።

ከአዘዞ፦ ከርቩ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ጭረቶች ከጥናቱ የወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ እንደ ሟች ነው የምቆጥራቸው፤ ልክ ነኝ?

መልስ፦ የመጀመሪያው በከፊል ልክ ነው፣ ሁለተኛው አይደለም። ጭረት ማለት ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት የታየ ሰው ነው፤ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጥናቱ እሱ በሕይወት እያለ አልቆ። 10 ሰው እንያዝ። በ2ኛው ወር አንድ ሞተ፤ 90 በመቶ። በ4ኛው ወር አንዱ ክትትሉን አቋረጠ፤ ከርቩ አይወርድም፣ የሚከታተሉት ግን 8 ሆኑ። በ6ኛው ወር አንድ ሲሞት ከ8ቱ 7 ይቀራሉ፦ 90 × 7/8፣ ወደ 79 በመቶ። በአንተ አቆጣጠር 70 ይሆን ነበር። ሥጋትህ ግን መሠረት አለው። ስሌቱ የጠፋው ሰው እንደቀሩት ነው ብሎ ያስባል። ታማሚው የጠፋው ደክሞ ከደባርቅ መመላለስ ስላቃተው ከሆነ ከርቩ ከእውነቱ ያማረ ይመስላል።

ከፒያሳ፦ እናቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ከጀመረች 18 ወሯ ነው። ስለ መድኃኒቷ ያገኘሁት ጥናት ሚዲያኑ «አልተደረሰም» ይላል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ የለም እህቴ፣ ከርቩ ገና ከ50 በመቶ በታች አልወረደም ማለት ነው። መድኃኒቱ ጥሩ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ክትትሉ አጭር ስለሆነም ሊሆን ይችላል። ጥናቱ ሰዎቹን በአማካይ ስንት ወር እንደተከታተለ ፈልጊ። የእናትሽን ጉዳይ ግን ከርቩ አይመልስም፤ የበሽታውን ደረጃና ዓይነት የሚያውቀውን ሐኪሟን ጠይቂ።

ከማራኪ፦ ታዲያ ጭራው ጠፍጣፋ ከሆነ ድነዋል ማለት አይደል?

መልስ፦ ከግራፉ ሥር በየወሩ ስንት ሰው እንደቀረ የሚያሳየውን የቁጥር መስመር ሳያዩ አይበሉ። 3 ሰው ብቻ ከቀረ፣ አንዱ ቢሞት ከርቩ በአንድ ጊዜ ሲሶውን ያጣል። ስንት ሰው ሲቀር ጭራውን ማመን እንደሚገባ ስምምነት የለም። ከተጀመረበት ከ10 እስከ 20 በመቶው ሲቀር ግራፉ ይቁም የሚሉ አሉ፤ እኔ ወደ 20ው አደላለሁ።