ቴሲስ የሚመልሰው የጥያቄውን የታችኛውን መስመር ነው

«አይልትስ ልፈተን ነው። ራይቲንጌን ያየልኝ ሰው መግቢያህ ያምራል፣ ጥያቄውን ግን አልመለስክም አለኝ። ቴሲሱ ላይ ምን ልጻፍ? ያለሁት ሐዋሳ ነው።»

ወንድሜ፣ የታስክ ሁለት፣ ማለትም የድርሰቱ ጥያቄ፣ ከላይ አንድ ጉዳይ ይነግርሃል፣ ከታች ደግሞ ምን እንድታደርግ ያዝሃል። አብዛኛው ተፈታኝ የላይኛውን በራሱ ቃላት አሳምሮ ይጽፍና እዚያው ይቀራል። ቴሲስ፣ ማለትም መግቢያው ላይ አቋምህን የምትናገርበት ዐረፍተ ነገር፣ መመለስ ያለበት ግን የታችኛውን ነው።

እዚያው አጠገብህ ባለ ነገር እንየው። ጥያቄው «በብዙ ከተሞች የሐይቅ ዳርቻ ላይ ሪዞርቶች እየተገነቡ ነው። ይህ ለነዋሪው ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል?» ነው እንበል። የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሐሳቡን በአማርኛ ላስቀምጠው።

የተለመደው ቴሲስ «ይህ ጽሑፍ የሪዞርቶችን ጥቅምና ጉዳት ያብራራል» የሚል ነው። ሰዋስዉ እንከን የለውም፤ የቱ እንደሚያመዝን ግን አልተናገረም። «ሪዞርት ለአገር ኢኮኖሚ ይጠቅማል» የሚለውም አቋም አለው፣ ግን የተጠየቀው ስለ ነዋሪው ስለሆነ ከጥያቄው ወጥቷል።

እንዲህ ብትለው ይሻላል፦ «ሪዞርቶች ሥራ ቢፈጥሩም፣ ሕዝቡ በነፃ የሚዝናናበትንና አሣ አጥማጁ ጀልባውን የሚያቆምበትን ዳርቻ ስለሚዘጉ፣ ለነዋሪው ጉዳታቸው ያመዝናል ብዬ አምናለሁ።» «ለነዋሪው» እና «ያመዝናል» በቀጥታ ከታችኛው መስመር የመጡ ናቸው። «ስለሚዘጉ» ምክንያቱን ይሰጣል። «ሥራ ቢፈጥሩም» የሚለው ደግሞ ሌላውን ወገን አይተህ እንደመዘንክ ያሳያል። ለአካል አንቀጾቹም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አትሄድም፤ የፍቅር ሐይቅ መናፈሻና የአሞራ ገደል የአሣ ገበያ አሉልህ።

ታዲያ ቴሲሱ ያለውን አካሉም ይከተል። ለሥራ ዕድሉ አንድ አጠር ያለ አንቀጽ፣ ለዳርቻው መዘጋት ሰፋ ያለ አንቀጽ ስጥ። ሁለቱን እኩል ጽፈህ መደምደሚያ ላይ «ሁለቱም ወገን ትክክል ነው» ካልክ ቴሲስህን ራስህ አፈረስከው።

መግቢያው ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ዝቅተኛው የቃላት ብዛት 250 ስለሆነ፣ ከ40 እስከ 60 ቃል ብትመድብለት ጥሩ ነው። አንዱ ዐረፍተ ነገር ጉዳዩን ያስተዋውቃል፣ ሌላው ቴሲሱ ነው። «የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ…» ብለህ አትጀምር፤ ለየትኛውም ርዕስ የሚሆን መክፈቻ ለዚህኛው ምንም አይጨምርም። የጥያቄውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ መገልበጥም ነጥብ አያመጣም።

ጥያቄው ሲቀየር ቴሲሱም ይቀየራል። «ሁለቱንም አመለካከት ተንትነህ የራስህን ስጥ» ካለህ ሁለቱን ጠቅሰህ የአንተን ትጨምራለህ። «ምን ያህል ትስማማለህ» ካለህ ደግሞ የስምምነትህን ልክ ትናገራለህ፤ ሙሉ በሙሉ ከተስማማህ «ቢሆንም» ማለት ግዴታ አይደለም።

ከ40 ደቂቃው የመጀመሪያውን አምስት ለእቅድ ያዝና ከመግቢያው በፊት ቴሲሱን ብቻ ጻፈው። ቤት ስትለማመድ ደግሞ ጥያቄውን ሳታሳይ ቴሲሱን ብቻ ለጓደኛህ አንብብለት። ጥያቄው ምን እንደነበር መገመት ካቃተው ቴሲሱ ገና ነው።