ከ40 ስላይድ ወደ 15 ደቂቃ፦ ምኑ ይቆረጥ፣ ምኑ ይቅር?

ልጆች፣ ድሬዳዋ ላይ ለጤና ጣቢያ ሰራተኞች የክትባት አያያዝ ስልጠና ስሰጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን አንዲት ወጣት አሰልጣኝ ደውላ "ጋሼ፣ የጠዋቱ ስብሰባ ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ሰጡኝ፣ ስላይዱ ደግሞ 40 ነው፣ እንዴት ላድርገው?" አለችኝ። ለሷ የነገርኳትን እናንተም ብትሰሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ዝጊው አልኳት። ብዙ ሰው ሲያሳጥር ሁለት ሶስት ስላይድ አንድ ላይ ይጨምቃል፣ ፊደሉ ያንሳል፣ ከዛ ሰዓት ለመቆጠብ ሲሮጥ ከኋላ የተቀመጠው ሰው አንዱንም አይይዝም። እኔ ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 40 ቁጥር እጽፍና በእያንዳንዱ ፊት አንድ ጥያቄ ብቻ እመልሳለሁ፦ ይሄን ያየ ሰው ነገ ጠዋት ፍሪጁ ጋ ሲቆም ምን ይወስናል? የሷን አብረን በስልክ ስናየው የክትባት ታሪክ፣ ክትባቱ ከፋብሪካ እስከ ጤና ጣቢያ የሚመጣበት መንገድ፣ የፍሪጅ ዓይነቶች ፎቶ፣ ትርጉም ትርጉም የሚለው ሁሉ ፊቱ ባዶ ሆኖ ቀረ። ጥሩ ነገሮች ናቸው፣ ግን ማንም በነሱ ምንም አይወስንም።

የቀሩት ውሳኔዎች አራት ናቸው። ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልሆነ ክትባቱ አይጣልም፣ ጥቅም ላይም አይውልም፣ "አትጠቀሙ" ተብሎ ተጽፎበት ልኩን ወደጠበቀ ፍሪጅ ይዛወርና ለኃላፊ ይደወላል። አይስ ፓክ ከፍሪዘር ወጥቶ ቀጥታ ወደ ካሪየር አይገባም፣ ሲነቀንቁት ውስጡ ውሃ እስኪሰማ ይጠበቃል። ቫያሉ ላይ ያለው የሙቀት ማሳያ ምልክት፣ ቪቪኤም የምንለው፣ ውስጡ ያለው ካሬ ከዙሪያው ክብ ጋር እኩል ከጠቆረ ወይ ከባሰ ይወገዳል። የተበጠበጠ የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባት ደግሞ 6 ሰዓት ሲሞላው ወይ የዕለቱ ክትባት ሲያልቅ፣ ቀድሞ የመጣው ላይ ይጣላል። ለእያንዳንዱ ሶስት ደቂቃ 12 ይሆናል፣ ሶስቷ ለጥያቄ ትቀራለች፣ መግቢያ የሚባል የለም፣ ሰላም ብሎ በቀጥታ ፍሪጁ ውስጥ መግባት ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የሳትኩትን። ሳሳጥር ውሳኔውን ይዤ ገደቡን ቆረጥኩት። ቪቪኤም የሚያሳየው ሙቀትን ብቻ ነው፣ ክትባቱ በረዶ ሆኖ ከነበረ ምንም አይናገርም። ይቺ አረፍተ ነገር ሌላ ስላይድ ላይ ስለነበረች ከስላይዱ ጋር አብራ ሄደች። ስልጠናው አልቆ ጥያቄ ላይ አንዱ ተነስቶ "የፔንታ ክትባቱ ሌሊት በረዶ የሆነ ይመስለኛል፣ ግን ቪቪኤሙ ነጭ ስለሆነ እንጠቀምበታለን አይደል?" አለኝ። በጣም ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም እሱ የተሳሳተው እኔ ባስተማርኩት ነው። ፔንታና ፒሲቪ በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ፣ እኛ ድሬ ላይ ደግሞ ሁሌ የምንፈራው ሙቀቱን ስለሆነ አይስ ፓኩን እናበዛና ራሳችን በረዶ እናደርጋቸዋለን። ስለዚህ ስትቆርጡ እያንዳንዱ ውሳኔ ላይ "ይሄ የማይሰራው መቼ ነው?" በሉ፣ መልሱም እዛው ስላይድ ላይ፣ ከውሳኔው ስር ይቀመጥ። ምሳሌና ፎቶ ሊቀር ይችላል፣ ገደቡ ግን አይቀርም።

የማያጥርም አለ። ክትባቱ በረዶ ሆኖ እንደነበር የሚያጣራው የመነቅነቅ ፈተና ሆን ተብሎ በረዶ የተደረገ ሌላ ቫያል ቀልጦ፣ ጎን ለጎን ተነቅንቆ፣ ሲዘቅጥ እየታየ በእጅ የሚለመድ ነው፣ በሶስት ደቂቃ አይሆንም። በሱ ቦታ "በረዶ መሆኑን ከጠረጠራችሁ ለይታችሁ ደውሉ" የሚል አንድ መስመር አስገባን፣ ፈተናው ሌላ ቀን በተግባር ይሰጣል።

የተቆረጠውን አታጥፉት። ፋይሉን ኮፒ አድርጉና የማያስፈልገውን `Hide Slide` በሉት፣ ሰው ከጠየቀ ስላይድ ሾው ላይ እያላችሁ ቁጥሩን ጽፋችሁ `Enter` ስትነኩ ይመጣል። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ያዙ።

መጨረሻ ላይ ረጅሙን ስልጠና ላልወሰደ አንድ ሰው አቅርቡለትና ጉዳይ ስጡት፣ ቁጥር አትጠይቁት። "ስንት ዲግሪ ነው?" ብትሉት 2 እስከ 8 ይላል፣ እሱ ምንም አይነግራችሁም። ልጅቷ ከስብሰባው በፊት አንዷን ጓደኛዋን "ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፍሪጁ ከዜሮ በታች 1 ያሳያል፣ ቪቪኤሙ ደህና ነው፣ ምን ታደርጊያለሽ?" አለቻት። ጓደኛዋ ትንሽ አሰብ አድርጋ "ቪቪኤሙ ደህና ከሆነ ልጠቀም" አለች። ገደቡ ስላይዱ ላይ ነበረ፣ ግን ከትልቅ ፎቶ ስር በትንሽ ፊደል። ፎቶውን አወጣችው፣ "በረዶን አያሳይም" የሚለውን ከላይ አድርጋ አተለቀችውና ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደች።