እኩል ብር ሲላክ ክፍያን ከትዕዛዝ ጋር ስለማዛመድ

ጥያቄ፦ «ሁለት ደንበኞች እኩል ብር ሲልኩ የቱ ክፍያ የየትኛው ትዕዛዝ እንደሆነ በምን ልለይ?»

መልስ፦ በላኪው ስም አይመኑ፤ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ወንድም ወይም ጎረቤት ነው። እኔ ጎንደር ፒያሳ ካለችው ሱቄ ሁለት የጥበብ ቀሚሶች በ2,400 ብር በተመሳሳይ ሰዓት ሲታዘዙ፣ አንዷን 2,400.07፣ ሌላዋን 2,400.12 ብር እንዲከፍሉ እጠይቃለሁ፤ ያ ሳንቲም ትዕዛዙ እስኪዘጋ ድረስ ዋጋው እኩል ለሆነ ለሌላ ትዕዛዝ አይሰጥም። ብር መግባቱን የሚገልጸው መልእክት ስልክዎ ላይ ሲደርስ የግብይት ቁጥሩም አብሮ ይመዝገብ፤ ቁጥሩ እንዳይደገም ካልከለከሉ አንድ መልእክት ሁለቴ ተነብቦ ሁለት ትዕዛዝ ሊዘጋ ይችላል፤ በእኔም ደርሷል። ሳንቲሙን ትቶ ድፍን 2,400 የሚልክ አይጠፋም፤ የእሱን በግምት ከማዛመድ ይልቅ ለብቻው አቆይተው የግብይት ቁጥሩን ይጠይቁት፣ ቁጥሩንም በደንበኛው የስክሪን ፎቶ ላይ ሳይሆን በራስዎ ስልክ በገባው መልእክት ውስጥ ይፈልጉ።