ኮሄረንት ስቴት ለምን እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል?

ጥያቄ፦ «የሃርሞኒክ ኦሲሌተር ኢነርጂ ስቴቶች በሙሉ ⟨x⟩ = 0 ነው የሚሰጡኝ፤ n መቶም ይሁን ሺህ። ታዲያ የሚወዛወዘው ነገር የታለ? ኮሄረንት ስቴትስ ምን ስላለው ነው ክላሲካል ይመስላል የሚባለው?»

እህቴ፣ ስሌትሽ ልክ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ እዚሁ ቦታ ላይ ተጣብቄ ከርሜያለሁ። «n ትልቅ ሲሆን ኳንተም ወደ ክላሲካል ይጠጋል» ይሉናል። እኛም n = 100ን ወዲያ ወዲህ እንደሚል ኳስ አድርገን እናስበዋለን። ግን አንድ ኢነርጂ ብቻ ያለው ስቴት ንቅንቅ አይልም። ጊዜ ሲያልፍ የሚለወጠው ፌዙ ብቻ ነው፤ እሱም |ψ|² ሲሰላ ይጠፋል። የ n = 100 ሥዕል ዳርና ዳሩ ላይ ከፍ፣ መሃሉ ላይ ዝቅ ያለ ነው። የካሜራሽን ሌንስ ለብዙ ደቂቃ ከፍተሽ ፔንዱለም ብታነሺ የምታገኚው ፎቶ ይህን ይመስላል። ፔንዱለሙ የት ብዙ እንደሚቆይ ታያለሽ፤ አሁን የት እንዳለ ግን ፎቶው አይነግርሽም።

እንቅስቃሴ የሚመጣው ኢነርጂዎች ሲደባለቁ ነው። n = 0ን እና n = 1ን እኩል ደባልቂያቸውና ⟨x⟩ን አስይው፤ ወዲያው በ ω መወዛወዝ ይጀምራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የኦሲሌተሩ ኃይል ከ x ጋር በቀጥታ ስለሚመጣጠን የኃይሉ አማካይና በአማካዩ ቦታ ላይ ያለው ኃይል አንድ ናቸው። ስለዚህ የየትኛውም ስቴት ⟨x⟩ የኒውተንን እኩልታ ሳያዛንፍ ይከተላል። ያንቺም ዜሮዎች ይከተላሉ፤ መሃል ላይ ቆሞ የቀረ ኳስም የኒውተን መፍትሔ ነውና። እና «አማካዩ እንደ ክላሲካል ይወዛወዛል» ማለት ኮሄረንት ስቴትን ከሌላው አይለይም። የሚለየው ቅርጹ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስህተት ነው። ረዳት መምህር ሳለሁ ለተማሪዎች ላሳይ ብዬ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ጻፍኩ። ዌቭ ፓኬቱ x = 4 ላይ ይጀምራል፣ ይወዛወዛል፣ ስፋቱ ሳይለወጥ ይመለሳል። ሐሳቡ ይህ ነበር። ሳስኬደው ግን ፓኬቱ እየሄደ ይተነፍሳል! መሃል ሲደርስ ቀጠን ይላል፣ ጫፍ ሲደርስ ይሰፋል። ቅዳሜ ከሰዓቴን በሙሉ ስህተቱን ፍለጋ FFTውን ስበረብር ዋልኩ። FFTው ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የመነሻው ዌቭ ፈንክሽን ላይ ነው፤ በ /2 ፈንታ /4 ጽፌያለሁ። ትክክለኛው ይኸውና፣ ħ = m = ω = 1 ተደርጎ፦

```python
import numpy as np
x = np.linspace(-12, 12, 1024, endpoint=False)
k = 2*np.pi*np.fft.fftfreq(1024, x[1]-x[0])
dt = 0.01
V = np.exp(-0.25j*dt*x**2)
K = np.exp(-0.5j*dt*k**2)
psi = np.exp(-(x-4)**2/2)
for i in range(629):
    psi = V*np.fft.ifft(K*np.fft.fft(V*psi))
    if i % 78 == 0:
        p = abs(psi)**2
        p /= p.sum()
        m = (p*x).sum()
        print(round(m, 2), round((p*(x-m)**2).sum()**0.5, 3))
```

የመጀመሪያው ዓምድ አማካይ ቦታው ነው፤ ከ 4 ተነስቶ ወደ -4 ይሄድና ይመለሳል። ሁለተኛው ዓምድ ስፋቱ ነው፤ 0.707 ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። አሁን /2ን ወደ /4 ለውጪው። የመጀመሪያው ዓምድ አይነካም። ሁለተኛው ግን ከ 1 ወደ 0.5፣ ከ 0.5 ወደ 1 ይመላለሳል፤ በአንድ ሙሉ ዑደት ሁለቴ። የኔ ፓኬት የተበላሸ አልነበረም፤ ሌላ ስቴት ነበር። ስኩዊዝድ ስቴት ይባላል። ስፋት በ 2ω የሚተነፍስ ካየሽ ኮዱን ከመውቀስሽ በፊት የመነሻውን ስፋት እዪ።

ለምን 0.707? ሁለት ነገሮች ስለሚጎተቱ ነው። ፓኬቱ ውስጥ የተለያየ ሞመንተም አለ፤ ፈጣኑ ወደፊት ሲቀድም ቀርፋፋው ወደኋላ ስለሚቀር ፓኬቱ ሊሰፋ ይፈልጋል። ስፕሪንጉ ደግሞ ከመሃል የራቀውን የበለጠ ስለሚጎትት ሊሰበስበው ይፈልጋል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በአንድ ስፋት ላይ ብቻ ነው፦ Δx = √(ħ/2mω)። ይህም የግራውንድ ስቴቱ ስፋት ነው። ኮሄረንት ስቴት ማለት ይህንኑ ስፋት ይዞ ከመሃል የተገፋ ፓኬት ነው። በአግድም x፣ በቁም p አድርጊና የፓኬቱን እርግጠኛ ያለመሆን እንደ ጠብታ ሳዪው። ጊዜ ሲሄድ ሥዕሉ በሙሉ በ x = 0፣ p = 0 ነጥብ ዙሪያ ይሽከረከራል። ጠብታው ክብ ከሆነ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር በ x ላይ የሚጥለው ጥላ አንድ ነው። ሞላላ ከሆነ አንዴ በሰፊው፣ አንዴ በጠባቡ ጎኑ ይታያል። የኔ /4 ጠብታውን ሞላላ አድርጎት ነበር።

ይኸው ነገር በኢነርጂ ቋንቋ ሲታይ ይበልጥ ያምራል። ኮሄረንት ስቴት ውስጥ የ n ኮኤፊሸንት ከ αⁿ/√n! ጋር ይመጣጠናል፤ α የፓኬቱን አማካይ ቦታና ሞመንተም በአንድ ላይ የሚይዝ ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው። ጊዜ ሲያልፍ እያንዳንዱ n በ e^(-inωt) ይባዛል። αⁿን እና e^(-inωt)ን ብታገናኚያቸው (αe^(-iωt))ⁿ ይሆናሉ። አየሽ? የጻፍነው ያንኑ ስቴት ነው፤ የተለወጠው α ብቻ ነው፣ እሱም በክብ ላይ ዞረ። ይህ የሚሠራው የኦሲሌተሩ ኢነርጂዎች ርቀት እኩል ስለሆነ ነው።

ሽሮዲንገር ይህን ፓኬት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በሃይድሮጂን አቶም ውስጥም የማይበተን ፓኬት አገኛለሁ የሚል ተስፋ ነበረው። ሎሬንትዝ ግን በዚያው ዓመት በደብዳቤ ሞገዱ ይበተንብሃል ብሎ ሞገተው፤ እውነቱም ከሎሬንትዝ ጋር ነበር። የሃይድሮጂን ኢነርጂዎች ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ ፌዞቹ አብረው አይራመዱም። «ኮሄረንት» የሚለውን ስም ያስለመደው ግላውበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ለብርሃን። በ2005 ኖቤል ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ወደ ቁጥር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ የፊዚክስ ሊቁ የዴቪድ ዋይንላንድ ቡድን አንድ የቤሪሊየም አዮን በኤሌክትሪክ ወጥመድ ይዞ በ 11.2 ሜጋኸርዝ አወዛወዘው። በ √(ħ/2mω) ውስጥ የአዮኑን ማስና ይህን ድግግሞሽ በ 2π አባዝተሽ አስገቢ፤ የግራውንድ ስቴቱ ስፋት 7 ናኖሜትር ገደማ ይወጣል። ከዚያ አዮኑን ኮሄረንት ስቴት ውስጥ ከተቱት፤ አማካይ n = 3.1። አማካይ n |α|² ስለሆነ |α| = √3.1 ≈ 1.76 ነው። አምፕሊቲውዱ የስፋቱ 2|α| እጥፍ ስለሆነ 25 ናኖሜትር ገደማ ይመጣል። 7 ናኖሜትር የሆነ ጠብታ 25 ናኖሜትር ወዲያና ወዲህ ሲል አስቢው። ይወዛወዛል፤ ግን ብዥታው ከውዝዋዜው ጋር ሲነጻጸር ገና ጉልህ ነው።

በእርግጥ አዮኑን ሲወዛወዝ ተቀምጦ ያየው የለም። ያደረጉት ንቅናቄውን ከአዮኑ ውስጣዊ ስቴት ጋር በሌዘር ማያያዝ ነው። ውስጣዊው ስቴት ወዲያ ወዲህ የሚገላበጥበት ፍጥነት n ላይ ይወሰናል፤ እንደ √(n+1) ያድጋል። አንድ n ብቻ ቢኖር አንድ ንጹሕ ኮሳይን ታዪ ነበር። ኮሄረንት ስቴት ላይ ግን ብዙ ኮሳይኖች ይደመራሉ፤ ምልክቱ ይሞትና ቆይቶ ደግሞ ነፍስ ይዘራል። ከዚያ ምልክት የየ n ድርሻ ተለይቶ ይወጣል። የእነዚያ αⁿ/√n! ስኩዌር የፖይሰን ስርጭት ይሰጣል፤ አማካዩ 3.1 ሲሆን ድርሻው n = 0 ላይ 4.5 በመቶ፣ n = 2 ላይ እና n = 3 ላይ እያንዳንዳቸው 22 በመቶ ገደማ ነው። ልኬቱም ከፖይሰን ጋር ገጥሟል።

አሁን 100 ግራም ድንጋይ በ 1 ሜትር ገመድ አንጠልጥዪና 5 ሴንቲሜትር ስበሽ ልቀቂው። የግራውንድ ስቴቱ ስፋት 1.3 × 10⁻¹⁷ ሜትር ነው፤ ከፕሮቶን እንኳ በብዙ ያነሰ። |α| ወደ 2 × 10¹⁵፣ አማካይ n ወደ 4 × 10³⁰ ይሆናል። የ n መዋዠቅ |α| ስለሆነ ከአማካዩ ጋር ሲነጻጸር 1/|α| ነው፤ 5 × 10⁻¹⁶ ገደማ። ፔንዱለምሽ አንድ n የለውም። ሁለት ኳድሪሊዮን ያህል ጎረቤት n ተያይዘው፣ ፌዛቸው ተገጣጥሞ ነው የሚያወዛውዙት። n ትልቅ መሆኑ ብቻውን አይበቃም ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ይህ ስቴት ከየት መጣ ካልሽ፣ ከመግፋት ነው። ግራውንድ ስቴት ላይ ያለ ኦሲሌተርን በየቦታው እኩል በሆነ ኃይል ብትገፊው ጠብታው ሳይለጠጥ ቦታውን ብቻ ይለውጣል። በጣት የምትገፊው ነገር n = 100 ላይ የማያርፈውም ለዚህ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የመጀመሪያው፣ እውነተኛ ፔንዱለም ሙሉ በሙሉ ሃርሞኒክ አይደለም። ማዕዘኑ ሲጨምር ድግግሞሹ በ θ²/16 ድርሻ ይቀንሳል። የተለያዩት n-ዎች ትንሽ የተለያየ ድግግሞሽ ይኖራቸዋል ማለት ነው፤ ጠብታውም እያደር በክቡ ዙሪያ ይለጠጣል። ለዚያ ድንጋይ አሰላሁት፤ ፌዙ በአንድ ራዲያን እስኪዛባ ከ 100 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል። የአየሩ ሰበቃ ያንን አይጠብቅም። አማካይ n ትንሽ በሆነባቸው ትንንሽ ሥርዓቶች ግን ነገሩ ቶሎ ሊታይ ይችላል። ኮዱ ላይ ራስሽ ልታዪው ትችያለሽ፤ V ውስጥ ትንሽ x**4 ጨምሪና ፓኬቱ ጥቂት ዙር ሄዶ ሲበታተን ተመልከቺ።

ሁለተኛው፣ ኮሄረንት ስቴት ክላሲካል ይመስላል ማለት ከኮሄረንት ስቴቶች የተሠራ ሁሉ ክላሲካል ነው ማለት አይደለም። ያው ቡድን በዚያው 1996 አንዱን አዮን በአንድ ጊዜ ሁለት ኮሄረንት ስቴት ላይ አስቀመጠው፤ በመካከላቸው 80 ናኖሜትር ያህል ርቀት ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጨዋ ፔንዱለም ነው። ሁለቱ ጠብታዎች መሃል ላይ መልሰው ሲገናኙ ግን የታየው የኢንተርፈረንስ ምልክት ነው።