መልስ፦ የሞመንተም ስልት ድንገት ለምን ይወድቃል?

«በየወሩ ለአክሲዮኖች ባለፈው ዓመት ትርፋቸው ደረጃ አወጣለሁ፤ አሸናፊዎቹን እገዛለሁ፣ ተሸናፊዎቹን ተበድሬ እሸጣለሁ። ድንገተኛው ውድቀት ከየት ይመጣል?»

ተበድረው ከሸጡት ወገን ነው፤ ዋጋቸው ሲንር በውድ ገዝተው ይመልሳሉና። በአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. ከማርች እስከ ሜይ 2009 በደረጃው ግርጌ የነበሩት አንድ አሥረኛ አክሲዮኖች 163 በመቶ ሲያሻቅቡ፣ አናት ላይ የነበሩት ያገኙት 8 በመቶ ብቻ ነበር። ግርጌ የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ ዕዳ አንገታቸው የደረሰ ድርጅቶች ስለሆኑ፣ ገበያው ጥቂት ሲያንሰራራ ዋጋቸው ይስፈነጠራል። ደረጃው የዓመቱን ውድቀት ተሸክሞ ስለሚቆይ በየወሩ መቀያየሩ ብዙም አያድንም። ገበያው ለሁለት ዓመት ወርዶ የዋጋው መዋዠቅ ሲበረታ ይጠንቀቁ። እኔ ያለፉትን ስድስት ወራት የዕለት መዋዠቅ አስልቼ፣ ከተለመደው እጥፍ ከሆነ የማሰማራውን ገንዘብ በግማሽ እቀንሳለሁ።